ከማፍጠር በፊት ወይስ በኋላ? በኢፍጣር ዱዓ ላይ በተዘጋጀ የአጭር ቪዲዮ ስክሪፕት ውስጥ የግስ ጊዜና የድርጊት ቅደም ተከተል

1. መነሻ

በረመዷን ወር በአማርኛ የሚሠሩ አጫጭር ቪዲዮዎች አንድ የጋራ ርእስ አላቸው፤ ይኸውም የማምሻው የጾም መፍቻ ማዕድና ከማዕዱ በፊት የሚባለው ዱዓ ነው። የእነዚህ ቪዲዮዎች ስክሪፕት በሁለት ዐምድ ይጻፋል። በአንዱ ዐምድ የሚታየው፣ በሌላው የሚሰማው ይሰፍራል። ከሥር ደግሞ በማያ ገጹ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ይጨመራል። የስክሪፕቱ ጠባይ ከሌላው ጽሑፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ አሻሚ የሆነ ዐረፍተ ነገር አሻሚ ሆኖ መቆየት ይችላል፤ በቪዲዮ ግን ሥዕሉ ከሁለቱ ፍቺዎች አንዱን ይመርጣል። ቴምሩ ወይ አፍ ገብቷል፣ ወይ ገና በሳሕኑ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ጠባብ ነው። «ከመብላት በፊት የሚባል ዱዓ» ተብሎ የሚቀርበው ቃል ግሶቹ ሁሉ በኃላፊ ጊዜ ሲሆኑ፣ የአማርኛው ስክሪፕት በየትኛው ቅጽበት ያስቀምጠዋል? በየትኛው የግስ ቅርጽስ ይተረጉመዋል? ለትንተናው የቀረበው ናሙና የአንድ የተወሰነ አዘጋጅ ሥራ አይደለም፤ የዘውጉን የተለመደ ቅርጽ ይዞ ለዚሁ ምርመራ የተቀናበረ የ90 ሰከንድ ስክሪፕት ነው። ሂሱም ያተኮረው በማንም ሰው ላይ ሳይሆን በዘውጉ ላይ ነው።

2. ናሙናው

ስክሪፕቱ ስድስት ትዕይንቶች አሉት። በመጀመሪያው ጀንበር ከጣራ በላይ ስታዘቀዝቅ ትታያለች፤ ድምፅ የለም። በሁለተኛው እናት ሳምቡሳ ታወጣለች፣ ልጅ ቴምር በሳሕን ይደረድራል፣ ሾርባው ይተናል። ተራኪው «ቀኑን ሙሉ የጾሙት ቤተሰቦች ጾማቸውን የሚያፈርሱበት ሰዓት ደርሷል» ይላል። በሦስተኛው የመግሪብ አዛን ይሰማል። በአራተኛው ቤተሰቡ በሙሉ እጁን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከማዕዱ የተነካ ነገር የለም። አባት ዱዓውን በዐረብኛ ይላሉ፤ ንባቡ በፊደል ተጽፎ ከሥር ያልፋል፤ ተራኪውም «አላህ ሆይ፣ ላንተ ጾሜያለሁ፣ በሲሳይህም አፍጥሬያለሁ» እያለ ይተረጉማል። በዚሁ ላይ ጥሙ መወገዱን፣ ሥሮች መራሳቸውን፣ ምንዳውም መጽናቱን የሚናገረው ሁለተኛው ዱዓ ይከተላል። በአምስተኛው ትዕይንት ሁሉም ቴምር ያነሣሉ። በስድስተኛው «ከኢፍጣር በፊት ይህን ዱዓ አይርሱ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

በስክሪፕቱ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ነገር አለ። የመክፈቻው ዝምታ ተመልካቹን እንደ ጾመኛው እንዲጠብቅ ያደርገዋል። የማዕዱም ዝርዝር በቤት ውስጥ የሚታወቀው ነው፤ ሳምቡሳው፣ ሾርባውና ቴምሩ ያለ ማብራሪያ ቀርበዋል። ችግሩ ያለው በአራተኛው ትዕይንት ነው። በዚያ ሰው ጥሙ ሳይቆረጥ ጥሜ ተቆረጠ ይላል። ስሕተቱ የተዋናዮቹ ወይም የካሜራው አይደለም፤ ከሦስት የቋንቋ ነገሮች ተጠራቅሞ የመጣ ነው። እነርሱም «ኢፍጣር» የሚለው ቃል አሻሚነት፣ የኃላፊ ግስ አተረጓጎምና «ዱዓ» የሚለው ስያሜ ናቸው።

3. «ኢፍጣር» ድርጊት ነው ወይስ ማዕድ?

በዐረብኛ ኢፍጣር የግስ ስም ነው፤ መነሻው «አፍጠረ» የሚለው በአ የሚጀምር የግስ እርባታ ነው። ቀዳሚ ፍቺውም ጾምን መፍታት፣ ማለትም አንድ ድርጊት ነው። ለዚህ ድርጊት አንድ ቴምር ወይም አንድ ጉንጭ ውሃ ይበቃል። አማርኛ ከዚህ ቤተሰብ ሁለት ቃላትን ወስዶ ሥራ አከፋፍሏቸዋል። ለድርጊቱ ግሱን ወሰደ፤ «አፈጠረ፣ ያፈጥራል፣ ማፍጠር፣ አፍጥር» ይባላል። ለማዕዱና ለግብዣው ስሙን ወሰደ፤ «ኢፍጣር ጠሩን»፣ «የኢፍጣር ዝግጅት» ይባላል።

ግሱ በአማርኛ እርባታ ውስጥ የገባበት መንገድ ራሱ ሊስተዋል ይገባል። የዐረብኛው አ በአማርኛ የአድራጊነት ምእላድ ከሆነው አ ጋር ገጠመ፤ «ወረደ፣ አወረደ» በሚለው አምሳል «አፈጠረ» ተባለ። አርእስቱ «ማውረድ» እንደሚባለው ሁሉ «ማፍጠር» ነው፤ «ማፈጠር» የሚል የለም። ይህም ቃሉ ከመጀመሪያው የግስ ቤት መመደቡን ያሳያል። ፈ፣ ጠ እና ረ ያሉበት ሥር በአማርኛ አስቀድሞ «ፈጠረ» ለሚለው ግስ የተያዘ ቢሆንም ግጭት አልተፈጠረም፤ የነባሩ ግስ አስደራጊ «አስፈጠረ» እንጂ «አፈጠረ» ስላልነበረ ቦታው ክፍት ነበር። ሁለቱ የሚገናኙት ጾመኛን መጋበዝ «ማስፈጠር» ሲባል ብቻ ነው፤ እዚያም ዐውዱ ይለያቸዋል።

ስክሪፕቱ ይህን ሥራ ላይ ያለ ግስ ትቶ «ጾማቸውን የሚያፈርሱበት» ማለቱ የመጀመሪያው ጉድለት ነው። በአማርኛ የሚጻፉ የፊቅህ መጻሕፍት «ጾምን የሚያፈርሱ ነገሮች» ሲሉ ጾምን ውድቅ የሚያደርጉትን ማለታቸው ነው። በነባሩ አማርኛም ጾምን በጊዜው መጨረስ «መፍታት» ሲሆን፣ ያለ ጊዜው መብላት «መሻር» ወይም «መግደፍ» ነው። ዐረብኛው «አፍጠረ» ሁለቱንም ይሸፍናል፤ አማርኛ ግን ይለያል። ለተራኪው «የሚያፈጥሩበት» ወይም «ጾማቸውን የሚፈቱበት» የሚል ቃል ቀርቦለት ሳለ የጥፋት ግስ መምረጡ ቀኑን ሙሉ የጾመውን ቤተሰብ ጾም አበላሽ አድርጎታል።

ይበልጥ የሚከብደው ግን የመዝጊያው ጽሑፍ ነው። «ከኢፍጣር በፊት» ሲባል ከድርጊቱ በፊት ነው ወይስ ከማዕዱ በፊት? ልማዱ ሁለቱን በግልጽ ይለያያል። ጾመኛው አዛን ሲሰማ በቴምር ወይም በውሃ ያፈጥራል፣ መግሪብን ይሰግዳል፣ ከዚያ ወደ ማዕዱ ይመለሳል። ነቢዩ ከመስገዳቸው በፊት በእርጥብ ቴምር፣ እርሱ ከሌለ በደረቅ ቴምር፣ እርሱም ከሌለ በጥቂት ጉንጭ ውሃ ያፈጥሩ እንደነበር አነስ ያስተላለፉት ዘገባ በአቡ ዳውድ ሱነን ውስጥ ይገኛል። በዚህ ቅደም ተከተል ጥሙ መወገዱን የሚናገረው ዱዓ ከማፍጠር በኋላ፣ ከኢፍጣር በፊት ይውላል። ዐረፍተ ነገሩ የሚቃረን የሚመስለው ሁለቱን ቃላት ለአንድ ነገር ለሚጠቀም ብቻ ነው። የአማርኛው የሥራ ክፍፍል ለአዘጋጁ ያቀረበለት መፍትሔ ይህ ነበር፤ ስክሪፕቱ ግን አልተጠቀመበትም።

በዚያው ዘገባ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ማከል ይቻላል። ዐረብኛው ለእርጥቡ «ሩጠብ»፣ ለደረቁ «ተምር» ይላል። አማርኛ ለሁለቱም «ቴምር» ስለሚል፣ ያልተጠነቀቀ ተርጓሚ «ቴምር ከሌለ በቴምር» የሚል ትርጉም አልባ ነገር ላይ ይወድቃል። «እርጥብ» የሚለው ቅጽል ግን ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ሥሩንም ከሩጠብ ጋር ይጋራል፤ ስለዚህ «እርጥብ ቴምር» ከማብራሪያ ይልቅ ለትክክለኛ አቻነት የቀረበ ነው።

4. ኃላፊ ግስ ሦስት ሥራ ሲሠራ

በአራተኛው ትዕይንት ሁለት ዱዓዎች ተከታትለው ተጠቅሰዋል። ሁለቱም በአቡ ዳውድ ሱነን ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የዘገባ ሰንሰለታቸው ግን እኩል አይደለም። ጥሙ መወገዱን የሚናገረው ከኢብን ዑመር የተላለፈ ሲሆን ከሐዲስ ሊቃውንት ሐሰን ያሉት አሉ። «ላንተ ጾምኩ» የሚለው የተላለፈው ከሙዓዝ ኢብን ዙህራ ነው። እርሳቸው ከሶሓባዎች ቀጥሎ ካለው ትውልድ በመሆናቸው በመካከል የሶሓባ ስም ይጎድላል፤ በዘርፉ አጠራር ሙርሰል ነው። ስክሪፕቱ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ማስነበቡ የምንጭ ልዩነታቸውን ያጠፋል። ከዚህ የበለጠ ግን የሰዋስው ልዩነታቸውን ያጠፋል።

በሁለቱም ያሉት ግሶች በኃላፊ ቅርጽ ናቸው፤ «ሱምቱ»፣ «አፍጠርቱ»፣ «ዘሀበ»፣ «ሰበተ»። የዐረብኛ ኃላፊ ግስ ግን ሥራው አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራው የተፈጸመን ነገር ማስታወቅ ነው። «ሱምቱ» በዚህ ይመደባል፤ የቀኑ ጾም አልፏልና። ሁለተኛው በመናገር ራሱ ድርጊትን መፈጸም ነው፤ ዐረብ ሰዋስዋውያን ኢንሻእ የሚሉት ሲሆን፣ ሻጭ «ቢዕቱ» ሲል ሽያጩ በዚያው ቃል ይጸናል። ሦስተኛው ሊፈጸም የተቃረበን ድርጊት እንደተፈጸመ አድርጎ መጥራት ነው። የዚህ የታወቀ ምሳሌ የሱረቱ ነሕል 98ኛ አንቀጽ ነው። በዚያ ቁርኣን «ባነበብክ ጊዜ» ተብሎ በኃላፊ የተነገረው አብዛኞቹ ተፍሲረኞች «ልታነብ ባሰብክ ጊዜ» ብለው ተረድተውታል፤ ጥበቃ የሚለመነው ከንባቡ በፊት ነውና።

«ነቢዩ ባፈጠሩ ጊዜ እንዲህ ይሉ ነበር» የሚለው የዘገባው መግቢያም በዚያው «ኢዛ» ከኃላፊ ግስ ጋር ተሠርቷል። ስለዚህ ቅርጹ ብቻውን በፊት ወይም በኋላ መሆኑን አይወስንም፤ የሚወስነው ይዘቱ ነው። «ጥሙ ተወገደ፣ ሥሮች ራሱ» የሚለው በሦስተኛ መደብ ስለ ሰውነት ሁኔታ የተነገረ ነው። ሰው ጥሜ ጠፋ ስላለ ጥሙ አይጠፋም፤ ሥሮቹም በቃል አይርሱም። ይህ ቃል እውነት የሚሆነው ውሃው ከተዋጠ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህም ብዙ ሊቃውንት ካፈጠሩ በኋላ የሚባል ነው ይላሉ። «አፍጠርቱ» ግን በመጀመሪያ መደብ ስለ ተናጋሪው ድርጊት የተነገረ በመሆኑ፣ ቴምሩን በእጁ ይዞ ወደ አፉ ሊያስገባ ለቀረበ ሰውም ይሆናል፣ ለዋጠውም ይሆናል።

አማርኛ ይህን ልዩነት የሚሸከም መሣሪያ አለው። የተጠራ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሣ «መጣሁ!» ይላል፤ ተሰናባች ከበሩ ሳይወጣ «በሉ ሄድኩ» ይላል። ቀላሉ ኃላፊ ለቀረበ ድርጊት ይውላል ማለት ነው። «መጥቻለሁ» ያለ ሰው ግን ደርሷል፤ «ሄጃለሁ» የሚል ማስታወሻ የተወም በቦታው የለም። በቦዝ አንቀጽና በ«አለ» የተሠራው ጣምራ ኃላፊ ውጤቱ አሁን ያለ ድርጊትን ያስታውቃል። «ፈቅጄልሃለሁ»፣ «ይቅር ብዬሃለሁ»፣ «ሾሜሃለሁ» በሚሉት ጣምራው በመናገር ብቻ የሚፈጸም ድርጊትን ያጸናል። ይህ ግን ቃሉ ራሱ ድርጊት በሆነበት ግስ ብቻ የሚሠራ ነው። መብላትና መጠጣት በቃል አይፈጸሙም፤ ስለዚህ «አፍጥሬያለሁ» የማስታወቅ ፍቺ ብቻ ይቀረዋል።

እንግዲህ ተራኪው «አፍጥሬያለሁ» ሲል የሥዕሉ እጆች ባዶ መሆናቸው የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያ ቅጽበት ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት ነው። «ላንተ ጾምኩ፣ በሲሳይህም አፈጠርኩ» ቢባል ኖሮ ያው ሥዕል ሊቆም ይችል ነበር። የመጀመሪያው ግስ ያለፈውን ቀን፣ ሁለተኛው የቀረበውን ጉርሻ ይይዝ ነበር። አማርኛው ቀላል ኃላፊ የዐረብኛውን አሻሚነት ሳይቀንስ ይሸከማል፤ ጣምራው ግን ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፣ ስክሪፕቱም ከሥዕሉ ጋር የማይሄደውን መርጧል።

ለዚህ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። በዐረብኛው «ለከ» ከግሱ በፊት መምጣቱ «ላንተ ብቻ» የሚል ትኩረት አለው። በአማርኛ ግን ግስ ሁልጊዜ በመጨረሻ ስለሚመጣ «ላንተ ጾምኩ» ተራ ሥርዓት ነው፤ ትኩረቱ ይጠፋል። ትኩረቱን ለመመለስ የተለመደው መንገድ «የጾምኩት ላንተ ነው፣ ያፈጠርኩትም በሲሳይህ ነው» ማለት ነው። ይህ አባባል ውብ ነው፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። «ያፈጠርኩት» ሲባል ማፍጠሩ የታወቀና ያለፈ ሆኖ ይቀመጣል፤ አዲስ የሚነገረው በምን እንደተፈጠረ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ትርጉም ከማፍጠር በኋላ እንጂ በፊት ሊባል አይችልም። ተርጓሚው ትኩረቱንና የጊዜውን ክፍትነት በአንድነት ማቆየት አይችልም። ዱዓውን ከቴምሩ በፊት የሚያስቀምጥ «ላንተው ጾምኩ» በሚል ትንሽ አጽንዖት ሊበቃው ይገባል፤ በኋላ የሚያስቀምጥ ደግሞ የ«ነው»ን አሠራር በነጻነት መጠቀም ይችላል።

5. ልመና የሌለበት ልመና

ስክሪፕቱ ሁሉንም ነገር በአንድ ቅጽበት እንዲሰበስብ ያደረገው «ዱዓ» የሚለው ስያሜ ይመስላል። ዱዓ በአማርኛ ሲፈታ ልመና ነው፤ ልመና ደግሞ ከመቀበል በፊት ይመጣል። አዘጋጁ እጅ የተዘረጋበትን ሥዕል የመረጠው ከዚህ ግንዛቤ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ቃላት ውስጥ አንድም የልመና ግስ የለም፤ ስጠኝ፣ ማረኝ፣ ተቀበለኝ የሚል አይገኝም። ከይዘታቸው አንጻር ዘገባና ምስጋና ናቸው። ተስፋ የሚገባው በመጨረሻው «ኢንሻአላህ» ብቻ ነው፤ እርሱም የምንዳውን መጽናት ለፈጣሪ ፈቃድ ይተዋል።

ይህቺ ተስፋ ለተርጓሚው ወጥመድ ናት። «አላህ ከሻ ምንዳው ጸና» ማለት በአማርኛ አይሄድም፤ «ከ» ያለበት ሁኔታ «ይጸናል»ን ይጠይቃል። «ይጸናል» ከተባለ ደግሞ በኃላፊ የተደረደሩት ሦስት ግሶች ሥርዓት ይሰበራል። «ኢንሻአላህ» ሳይተረጎም እንደ አንድ የደረቀ ቃል ሲገባ ግን ግሱን አይስበውም፤ «ምንዳውም ጸና፣ ኢንሻአላህ» ይባላል። ያልተተረጎመው ቃል እዚህ ከተተረጎመው የበለጠ ለአማርኛው ሰዋስው ይመቻል።

ማምሻው ሲዘረዘር ሦስት ቅጽበቶች ይታያሉ፤ ለእያንዳንዱም የራሱ የሰዋስው ቅርጽ አለው። የመጀመሪያው አዛን ከመሰማቱ በፊት ያለው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ጾመኛ በሚያፈጥርበት ጊዜ የማይመለስ ዱዓ እንዳለው የሚናገር ዘገባ ስላለ ሰዎች በዚህ ሰዓት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ይህ በትእዛዝና በልመና አንቀጽ የሚነገር ነጻ ልመና ነው፤ «ማረን፣ የታመመውን ፈውስልን» እየተባለ በአማርኛም ይደረጋል። ሁለተኛው አዛኑ ሲሰማ ያለው ነው። «ቢስሚላህ» ይባላል፣ ቴምሩ ይነሣል። «ቢስሚላህ» ግስ የለውም፤ ስለዚህ የጊዜ ጥያቄም አያስነሣም። ከመብላት በፊት የሚባለው ቃል በእርግጥ ይህ ነው። ሦስተኛው ከዋጡ በኋላ ያለው ነው፤ በኃላፊ ግስ የሚነገረው ዘገባ እዚህ ይገባል። ልመናው በትእዛዝ፣ ጅማሮው ያለ ግስ፣ ፍጻሜው በኃላፊ ግስ ይነገራል። ስክሪፕቱ የመጀመሪያውን ቅጽበት የእጅ ምልክትና የሦስተኛውን ቃል በሁለተኛው ቦታ ላይ ሰብስቧቸዋል። «ቢስሚላህ» ደግሞ ከነጭራሹ አልተሰማም።

ይህ መደባለቅ ጉዳት አለው። ቪዲዮው የሚደርሰው ለሚያውቅ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጾም ልጅ ወይም አዲስ ለሰለመ ሰውም ይደርሳል። እንዲህ ያለው ተመልካች የሚማረው ከቃሉ ይልቅ ከሥዕሉ ነው። ሥዕሉ የሚያስተምረው አዛን ከተሰማ በኋላ ረጅም ዱዓ እስኪያልቅ ቴምሩን አለመንካትን ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የሰህል ኢብን ሰዕድ ሐዲስ ግን ማፍጠርን ማፋጠንን ያወድሳል።

6. ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ

ዐረብኛውን በፊደል የሚያስነብበው መስመር ለሥነ ልሳን አንባቢ የተለየ ጉዳይ ያነሣል። በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ጽሑፍ የተለመደው አሠራር ብዙ ብልሃት አለበት። አጭሩን የዐረብኛ «አ» በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ ይጽፋል፤ «ለከ» እና «ላ» ይለያሉ። የዐረብኛው ወፍራም «ዷድ» በአናባቢው ላይ ያለውን ጥላ «ረመዷን» በሚለው «ዷ» ይይዛል፤ «ሶላት» የሚለውም በ«ሶ» የሚጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው። «ጠ» ደግሞ ለ«አፍጠርቱ» ዝግጁ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለት ነገሮች ግን ይቀራሉ። አንደኛው ጥብቀት ነው። ናሙናው «አላሁመ» እና «ኢብተለት» ብሎ ይጽፋል፤ በመጀመሪያው «መ»፣ በሁለተኛው «ለ» መጥበቅ አለባቸው። የአማርኛ አንባቢ «ገና» የሚለውን ቃል አጥብቆ ወይም አላልቶ የሚያነበው ቃሉን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። የማያውቀውን የዐረብኛ ቃል ግን ፊደሉ ብቻውን አይነግረውም፤ ስለዚህ ሁሉን አላልቶ ያነባል። የጥብቀት ምልክት፣ ማለትም ከፊደሉ በላይ የሚደረጉት ሁለት ነጥቦች፣ በዩኒኮድ U+135F ተብሎ ይገኛል፤ ስክሪፕቱ ለሁለት ፊደላት ብቻ ቢጠቀምበት በቂ ነበር። በወሎ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም በሸኽ ጠልሐ ጃዕፈር፣ አማርኛ በዐረብ ፊደል ሲጻፍ ችግሩ በተቃራኒው ነበር። የዐረብ ፊደል ለአማርኛ ሰባት አናባቢዎች ይጠባል፤ ለጥብቀት ግን ሸዳ የሚባል ምልክት አለው። አንዱ ጽሕፈት የጎደለውን ሌላው ይዞታል።

ሁለተኛው የተነባቢ መደባለቅ ነው። ምንዳው መጽናቱን የሚናገረው ግስ በዐረብኛ በጥርስ መካከል በሚወጣው «ሳእ» ይጀምራል። ናሙናው «ሰበተ» ብሎ ሲጽፈው ዐረብኛ ከሚያውቅ ዐይን ፊት በተራው «ሲን» ከሚጀምር ሌላ ግስ ጋር ይጋጫል፤ የዚያ ግስ ፍቺ ማረፍና ማቋረጥ ነው። ጸና የተባለው ምንዳ ተቋረጠ እንደማለት ይሆናል። «ሠ»ን ለዚህ ድምፅ መመደብ ይቻላል፤ በአማርኛ ከ«ሰ» የተለየ ድምፅ ስለሌለው ነጻ ነው። ነገር ግን አንባቢው ስምምነቱን ካላወቀ «ሠበተ»ንም እንደ «ሰበተ» ያነበዋል። ቪዲዮ ከመጽሐፍ የሚሻለው እዚህ ነው። ድምፁ ትክክል ከሆነና ጽሑፉ ከድምፁ ጋር እኩል ከሄደ፣ ፊደሉ የማስታወሻ እንጂ የመምህር ሥራ አይኖረውም። በናሙናው ውስጥ ግን ተራኪው በዐረብኛው ላይ ትርጉሙን ስለሚደርብ ድምፁ ተሸፍኖ ተመልካቹ ለፊደሉ ብቻ ተትቷል።

7. እርማቱ በትዕይንት ሲታይ

እርማቱ አዲስ ቀረጻ አይጠይቅም፤ የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተልና አምስት ያህል ቃላትን መለወጥ ይበቃል። እጅ የተዘረጋበት ሥዕል ከአዛኑ በፊት ይዛወር፤ በላዩም ድምፁ ዝቅ ያለ የአማርኛ ልመና ይሰማ። ተራኪው «የሚያፈርሱበት» በማለት ፈንታ «የሚያፈጥሩበት» ይበል። አዛኑ ሲሰማ አባት «ቢስሚላህ» ብለው ቴምሩን ይጉረሱ፣ ልጁም ውሃ ይጎንጭ። ከዚያ በኋላ ዱዓው በዐረብኛ ያለ ምንም ድራቢ ይሰማ፤ ትርጉሙ ይከተል፤ «ጥሙ ተወገደ፣ ሥሮችም ራሱ፣ ምንዳውም ጸና፣ ኢንሻአላህ» ይባል። ሁለተኛው ዱዓ ከቀረ ጊዜው ይቆጠባል፤ ከተፈለገ ግን አሁን ቴምሩ ስለተዋጠ «ያፈጠርኩት በሲሳይህ ነው» ማለት ይቻላል። የመዝጊያው ጽሑፍም «ካፈጠሩ በኋላ፣ ወደ ኢፍጣሩ ከመቅረብዎ በፊት» ይሁን።

በዚህ ቅደም ተከተል ሥዕሉና ግሱ አይጣሉም። ቀደም ሲል ስሕተት የነበረው ጣምራ ኃላፊ «አፍጥሬያለሁ» እንኳ በአዲሱ ቦታው እውነት ይሆናል፤ የተለወጠው የግሱ ቅርጽ ሳይሆን የቴምሩ ቦታ ነውና። ስክሪፕት የሚገመግም ሰው ስለዚህ ሁለቱን ዐምዶች ለየብቻ ማንበብ አይበቃውም። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ግሱ የሚጠይቀው ነገር በሥዕሉ ውስጥ ተፈጽሟል ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። በናሙናው አራተኛ ትዕይንት ላይ መልሱ አልተፈጸመም የሚል ነበር፤ ለዚህም ማስረጃው በሳሕኑ ላይ ሳይነካ የቀረው ቴምር ነው።